ሰማያዊው ፓፍ ስንት ጊዜ ተነሳ? አስምን ቤት ውስጥ የመከታተያ መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ ፋርማሲ ለሚሠራ ሰው በጣም የተለመደች ጥያቄ አለች። «ሰማያዊው ፓፍ አለ?» የሚል ሰው ይመጣል። ሐኪሙ ሌላም አዞለት እንደሆነ ስጠይቀው «ቡናማው ነበር፤ ስስበው ምንም ለውጥ ስለሌለው ተውኩት» ይለኛል። ይህን መልስ በሰማሁ ቁጥር እሰጋለሁ። ሰውየው የሚከላከልለትን ጥሎ የሚያስታግሰውን ብቻ ይዞ ቀርቷል ማለት ነውና።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ላይ አተኩራለሁ። አስም እየባሰ መሆኑን ቤት ውስጥ የሚነግረን ቀላሉ መለኪያ ሰማያዊው ፓፍ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደተነሳ ነው። መጀመሪያ የሁለቱን ፓፎች ልዩነት እንይ።

ሁለቱ ፓፎች ምን ይሠራሉ?

አስም ያለበት ሰው ደረቱ ሲጨነቅ የአየር ቧንቧው ላይ ሁለት ነገር እየሆነ ነው። አንደኛው፣ ቧንቧውን ዙሪያውን የከበበው ጡንቻ ይኮማተራል። ሁለተኛው፣ የቧንቧው የውስጥ ግድግዳ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ አክታም ያመነጫል። መንገዱ ከሁለቱም በኩል ይጠባል።

ሰማያዊው፣ ማለትም ሳልቡታሞል፣ የሚሠራው ጡንቻው ላይ ነው። የተኮማተረውን ያላላዋል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እፎይ ያሰኛል፤ ኃይሉ አራት ሰዓት ያህል ይቆያል። እብጠቱን ግን አይነካውም። ለዚህ ነው ማስታገሻ የሚባለው። ከተጠቀማችሁ በኋላ እጃችሁ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ወይም ልባችሁ ፈጠን ብሎ ቢመታ የታወቀ ነገር ነው፣ ይተዋል።

ሁለተኛው፣ ማለትም መከላከያው፣ ደግሞ እብጠቱን ቀስ በቀስ የሚቀንስ መድኃኒት ነው። ቤክሎሜታዞን፣ ቡዴሶናይድ፣ ፍሉቲካሶን የሚባሉት እዚህ ውስጥ ናቸው። ዛሬ ስባችሁት ዛሬ ምንም አይሰማችሁም። ለውጡ ከቀናት በኋላ ይጀምራል፣ ሙሉ ጥቅሙ ሲታይ ደግሞ ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ ጥቃት ላይ ያለን ሰው አያድንም። ደህና በሆናችሁበት ቀንም በየቀኑ የሚወሰደው ጥቃቱ ከመጀመሪያው እንዳይመጣ ነው።

ቀለሙን ብቻ አትመኑ። ሳልቡታሞል ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነው፤ የመከላከያው ቀለም ግን እንደ አምራቹ ቡናማም፣ ብርቱካናማም፣ ቀይም ሊሆን ይችላል። ካርቶኑ ላይ ያለውን የመድኃኒት ስም አንብቡ፣ ማንበብ ካልቻላችሁ ፋርማሲስቱ በፕላስተር ላይ «የየቀን» እና «ሲጨንቅ» ብሎ እንዲለጥፍላችሁ ጠይቁ። ቡዴሶናይድና ፎርሞቴሮል በአንድ ላይ የያዘ ፓፍ ደግሞ አለ። እሱን ሐኪሙ ለየቀኑም ለጭንቁም እንድትጠቀሙበት ሊያዝ ይችላል። እንዲህ ያለ ከታዘዘላችሁ ስንት ርጭት እንደሚፈቀድ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ከዚህ በታች ስለ ጥቃት የምጽፈው ቁጥር የሳልቡታሞል ነው።

«ፓፍ ከጀመርክ አትላቀቅም» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ያስፈራል። ፓፍ ሱስ አያስይዝም። ሰው ስለሚደጋግመው ሱስ ይመስላል እንጂ፣ የሚደጋግመው እብጠቱ ስላልታከመ ነው። መከላከያው ስቴሮይድ ነው ቢባልም መጠኑ ትንሽ ነው፣ የሚሄደውም በቀጥታ ወደ ሳንባ ነው። የተለመደው ችግሩ አፍ ውስጥ ነጭ ነገር ማውጣትና ድምፅ መጎርነን ነው። ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ አፍን በውኃ ተጉመጥምጦ መትፋት ይህን በእጅጉ ይቀንሳል።

ፓፍ ፈርቶ የሳልቡታሞል ኪኒን ወይም ሽሮፕ የሚመርጥም አለ። ኪኒን በመላ ሰውነት ዞሮ ነው ሳንባ የሚደርሰው። ይዘገያል፣ ልብ ማስመታቱና ማንቀጥቀጡም ይብሳል። በፓፍ መታከም የሚችል ሰው ኪኒን የሚመርጥበት ምክንያት የለም።

ቁጠሩት

የቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ስቀሉ። ሰማያዊውን ባነሳችሁ ቁጥር በዕለቱ ላይ አንድ ጭረት አድርጉ፣ ሌሊት ከሆነ ክብ። ወር ሲሞላ ያለፈውን አራት ሳምንት አይታችሁ ራሳችሁን አራት ነገር ጠይቁ። ቀን ላይ ሳል፣ ሲር ሲር ማለት ወይም ትንፋሽ ማጠር በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ነበር? አስሙ ከእንቅልፍ ቀስቅሶኝ ያውቃል? ሰማያዊውን በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ፈልጌያለሁ? በአስሙ ምክንያት ያቆምኩት ወይም የቀነስኩት ሥራ አለ?

አራቱም «የለም» ከሆነ አስሙ በቁጥጥር ሥር ነው። አንድ ወይም ሁለት «አዎ» ካለ በከፊል ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ከቁጥጥር ውጭ ነው፣ ሕክምናውን ማየት ያስፈልጋል። አስም በሌሊት መቀስቀሱ በተለይ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ሌሊትም ቢሆን ይቆጠራል።

መጻፍ የማይመቸው ሰው ጣሳውን ይቁጠር። አንድ የሳልቡታሞል ፓፍ አብዛኛውን ጊዜ 200 ርጭት ይይዛል። በአንዴ ሁለት ርጭት የምትወስዱ ከሆነ 100 ጊዜ ያገለግላችኋል። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚፈልገው ሰው አንዱን ፓፍ ዓመት ያህል ይቆይበታል ማለት ነው። በዓመት ሦስት የጨረሰ ሰው ግን በአማካይ በሳምንት ስድስት ጊዜ ያህል ተጨንቋል። በዓለም አቀፍ የአስም መመሪያዎችም በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ ማስታገሻ መጨረስ ለከባድ ጥቃት የመጋለጥ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። በየወሩ አንድ የሚጨርስ ሰው ደግሞ የሞት አደጋው ከፍ ያለ ነው። ይህ ሰው መጠየቅ ያለበት ሌላ ሰማያዊ አይደለም፤ መከላከያ ነው።

የመከላከያውን ጣሳም ቁጠሩት፣ ባዶ መሆኑ በስሜት አይታወቅምና። ለምሳሌ 200 ርጭት ያለውን ጧት ሁለት ማታ ሁለት ከታዘዘላችሁ 50 ቀን ይበቃል። መስከረም 1 ከጀመራችሁ ጥቅምት 20 ያልቃል። የሚያልቅበትን ቀን በፕላስተር ጽፋችሁ ጣሳው ላይ ለጥፉ። ጣሳውን ውኃ ላይ አንሳፍፎ መሞከር የቆየ ልማድ ነው፣ ግን አይታመንም፣ የሚረጨውንም ቀዳዳ ሊያበላሸው ይችላል። ካለቀም በኋላ ጋዙ ብቻ «ፍስስ» ሊል ስለሚችል ድምፁ አያታልላችሁ።

አሳሳቡ፣ እና የሃይላንድ ጠርሙሱ

ፓፍ «አልሠራልኝም» የሚሉ ሰዎች ሲስቡ ሳይ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ምላስና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ትክክለኛው እንዲህ ነው። ክዳኑን አንስታችሁ በደንብ ነቅንቁት። አዲስ ከሆነ ወይም ብዙ ቀን ከተቀመጠ መጀመሪያ ጥቂት ጊዜ ወደ አየር ርጩት። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። ትንፋሻችሁን ቀስ አድርጋችሁ አስወጡ። አፉን በከንፈራችሁ ግጠሙና መሳብ ስትጀምሩ አንድ ጊዜ ተጫኑ፤ መሳቡን ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። እስከ 10 እየቆጠራችሁ ትንፋሽ ያዙ። ሁለተኛውን ከመርጨት በፊት ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆዩና እንደገና ነቅንቁ።

መጫንና መሳብን ማስተባበር ለልጅ፣ ለአዛውንትና በጭንቅ ላይ ላለ ሰው ከባድ ነው። መፍትሔው በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባ ስፔሰር ነው። ካላገኛችሁት ከግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ይሠራል። በደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች አጥንተውት በአስም የተያዙ ልጆች ላይ ከፋብሪካው ጋር የሚቀራረብ ውጤት አግኝተውበታል።

ንጹሕ ጠርሙስ ውሰዱ። የፓፉን አፍ ጠርሙሱ ቂጥ ላይ አስደግፋችሁ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሩ። ሽቦ በእሳት አግላችሁ ከመስመሩ ትንሽ ጠበብ አድርጋችሁ ቅደዱ። ፕላስቲኩ ገና ትኩስ እያለ የፓፉን አፍ አስገቡት፣ ጥብቅ ብሎ ይይዛል። ክፍተት ከቀረ በፕላስተር ዙሩት። ይህን የሚሠራው አስም የሌለበት ሰው ይሁን፣ ከቤት ውጭ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ጭስ ራሱ ጥቃት ያስነሳል። ከዚያ ጠርሙሱን በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እጠቡት። ውስጡን በጨርቅ አትጥረጉት፣ ተደፍቶ በራሱ ይድረቅ። ሲጠረግ ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው ይስባል። ከንፈር የሚነካውን የጠርሙሱን አፍ ግን በእርጥብ ጨርቅ አጽዱት።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ፓፉ ተነቅንቆ ቂጡ ላይ ይሰካል። የጠርሙሱ አፍ ከንፈር ውስጥ ይገባል። አንድ ርጭት፣ ከዚያ በጠርሙሱ ውስጥ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ መተንፈስ። ሁለትና ሦስት ርጭት በአንዴ አታጠራቅሙበት። አፉን መግጠም ለማይችል ሕፃን ጭንብል ያለው ስፔሰር ያስፈልጋል። መከላከያውንም በዚሁ መሳብ ይሻላል፣ አፍና ጉሮሮ ላይ የሚቀረው ይቀንሳል።

አንዲት እናት በኅዳር

ጥቃት ብዙ ጊዜ ድንገት የመጣ ይመስላል። የቀን መቁጠሪያው ላይ ስናየው ግን ቀናት ቀድሞ ይጀምራል። ሽምብጥ አካባቢ በእንጨት ምጣድ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት እናት እናስብ። ሁለቱም ፓፎች ታዝዘውላታል። መስከረም ላይ ደህና ስትሆን መከላከያውን አቁማለች።

በጥቅምት የመጨረሻ ሳምንት ሁለት ጭረት አለ። ኅዳር ከገባ ብርዱ በረታ፣ ልጇ ጉንፋን ይዛ መጣች። ከኅዳር 1 እስከ 5 ባሉት ቀናት አምስት ጭረት። ኅዳር 6 ለሊት አሥር ሰዓት ላይ ሳል ቀሰቀሳት፣ የመጀመሪያው ክብ። ኅዳር 9 በአንድ ቀን አራት ጊዜ ሳበች። ኅዳር 11 ቀን ስድስት ሰዓት የሳበችው ስምንት ሰዓት ላይ ኃይሉ አለቀ።

እዚህ ላይ ሁለት ቀኖች ዋና ናቸው። ኅዳር 6 መከላከያውን እንደታዘዘው መልሳ ጀምራ በዚያው ሳምንት ሐኪም ማየት ነበረባት። ኅዳር 11 ደግሞ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ቀን አይደለም። ሰማያዊው አራት ሰዓት መቆየት ሲያቅተው እብጠቱ ከመድኃኒቱ በላይ ሆኗል። የዚያኑ ዕለት ሕክምና ቦታ መሄድ ይገባል። በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን የሚባል የሚዋጥ ስቴሮይድ ለመሥራት ሰዓታት ስለሚፈልግ፣ በቶሎ መጀመሩ ለውጥ ያመጣል። ሐኪም በጽሑፍ ካላዘዘላችሁ በስተቀር ግን ከጎረቤት ተበድራችሁ አትዋጡት።

በነጋታው ኅዳር 12 ነው። ኅዳር ሲታጠን ከየሰፈሩ የቆሻሻ ጭስ ይነሳል። አስም ላለበት ሰው ከዓመቱ ቀናት ሁሉ ከባዱ ይህ ይመስለኛል። በዚህ ቀን በርና መስኮት ዝጉ፣ ምጣድ አትጣዱ፣ ቡና ከተፈላም ዕጣኑ ይቅር። የደመራም ዕለት እንደዚሁ፣ ከጭሱ ራቅ ብሎ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል መቆም ይቻላል። ጎረቤት ቆሻሻ እንዳያቃጥል መጠየቅም ነውር አይደለም፤ ሰው ካወቀ ይተባበራል።

ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ይህቺ እናት አልጋ ጫፍ ላይ ጎንበስ ብላ ተቀምጣለች። ሁለት ርጭት ወስዳ አልተሻላትም። ልጇ «እማዬ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ?» ትላታለች። «ቆይ... አሁን... ይተወኛል።» ሦስት ቃል፣ ሦስት ትንፋሽ። ልጅቷ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋትም።

መባሱን በምን እናውቃለን?

ንግግሯን ስሙ። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካቃታት ጥቃቱ ከባድ ነው። ልጅ ከሆነ መብላት፣ መጥባት ወይም መጫወት መተዉን እዩ።

ትንፋሽ ቁጠሩ። ስልክ ላይ አንድ ደቂቃ ያዙና ደረቷ ስንት ጊዜ ከፍ እንዳለ ተመልከቱ። ያረፈ አዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ይተነፍሳል። በጥቃት ላይ 25 ከደረሰ ከባድ ነው። የልጆች ቁጥር በዕድሜ ስለሚለያይ በእነሱ ላይ ቆዳውን ማየት ይሻላል።

ነጠላውን ወይም ሸሚዙን ገለጥ አድርጉ። የአንገት ጡንቻ እየተወጠረ፣ በጎድን አጥንቶች መካከልና ከአንገት በታች ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ እየገባ ከሆነ ሰውነቷ አየር ለማግኘት እየታገለ ነው።

ድምፁ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሲር ሲር የሚለው ሲጠፋ «ተሻላት» የሚል ብዙ ነው። ንግግሯ ተመልሶ፣ ትንፋሿ ረግቶ ከሆነ እውነት ነው። እየተጨነቀች ደረቷ ዝም ካለ ግን በቂ አየር እየገባ አይደለም። ይህ፣ ከንፈር ወይም ምላስ መጥቆር፣ ድብታና መቀባጠር የሞት አፋፍ ምልክቶች ናቸው። ሰው ደክሞት «ልተኛ» ሲል ዕረፍት መስሏችሁ አታስተኙት።

ወዲያው የሚደረገው

አታስተኟት። ቀጥ ብላ ወይም ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ብላ ትቀመጥ፣ መቀነቷን ፍቱላት። ከጭስ አርቋት። ሳልቡታሞሉን በጠርሙሱ አራት ርጭት ስጧት፣ አንድ በአንድ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ አራት ትንፋሽ። አራት ደቂቃ ጠብቁ። ካልተሻላት ሌላ አራት ስጡና ጉዞ ጀምሩ። መንገድ ላይም እስክትደርሱ ድረስ አራት ደቂቃ እየጠበቃችሁ አራት አራት መስጠት ትችላላችሁ። በዚህ ሰዓት ከመድኃኒቱ ይልቅ አየር ማጣት ነው የሚገድለው።

ከላይ ካየናቸው የከባድ ጥቃት ምልክቶች አንዱ ካለ ግን አራት ደቂቃውን ቤት ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። አንዱ ሰው መድኃኒቱን ይስጥ፣ ሌላው ባጃጅ ይጥራ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ቶሎ የማይደርስ ከሆነ በተገኘው ሂዱ። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል አላቸው፤ ኦክስጅን ያለው የቅርብ ጤና ጣቢያ ካለም ጥሩ ነው። ፓፎቹን ከነካርቶናቸው ያዙ፣ ከመቼ ጀምሮ ስንት ርጭት እንደወሰደች ተናገሩ።

የባሕር ዛፍ ቅጠል እንፋሎት፣ ዕጣን፣ የሚያቃጥል ቅባት ደረት ላይ መቀባት በዚህ ሰዓት አያስፈልግም። እንፋሎቱና ሽታው ቧንቧውን የበለጠ ሊያስቆጣው ይችላል። የሕመም ማስታገሻ ተብሎ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክም አትስጡ፤ አንዳንድ የአስም ታማሚዎች ላይ ራሳቸው ጥቃት ያስነሳሉ። ጸበል ለመጠመቅ የሚፈልግ ሰው ትንፋሹ ከተመለሰ በኋላ ይሂድ፣ መድኃኒቱንም አያቁም።

ከሐይቁ ማዶ ለሆናችሁ

ዘጌ ወይም ደሴቶቹ ላይ የምትኖሩ ሰዎች ከከተማው ሰው ቀድማችሁ መወሰን አለባችሁ። ከዘጌ ባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ማዕበል ሲነሳ ወይም ሲመሽ ደግሞ ጀልባም ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ የእናንተ የመነሻ ምልክት ንግግር መቆራረጡ መሆን የለበትም። ሰማያዊው ከአራት ሰዓት በታች መቆየት የጀመረ ቀን፣ ገና ብርሃን ሳለ ተሻገሩ። ቤት ውስጥም ያልተነካ አንድ ሳልቡታሞልና የተሠራ ጠርሙስ ይኑር። የማብቂያ ቀኑን በየጊዜው እዩት፣ ለጀልባ ስትወጡም ፓፉ ከጭነቱ ጋር ሳይሆን ኪስ ውስጥ ይሁን።

ከሆስፒታል ከወጣችሁ በኋላ

እፎይታው ሲመጣ መከላከያው እንደገና ይረሳል። የተሰጠውን ፕሬድኒሶሎን ቢሻላችሁም በታዘዘው ቀን ልክ ጨርሱ፣ ለአዋቂ ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ተመልሳችሁ ታዩ። የቀን መቁጠሪያውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ፓፉንም ሐኪሙ ወይም ፋርማሲስቱ ፊት ስባችሁ አሳዩ። መከላከያው በእጃችሁ ከሌለ ከሆስፒታሉ ሳትወጡ ይታዘዝላችሁ። አንዱ ፋርማሲ ካጣችሁ ሌላው ጋ ጠይቁ፣ ሰማያዊውን ብቻ ይዛችሁ ወደ ቤት አትመለሱ።